ቀሪ ክፍያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላይ ጉዳይ፣ ቁጥር፣ ቀን ያለው ሂሳብና የአባሪ ዝርዝር ለምን ይፈለጋል?

ጥያቄ፦ "ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ውስጥ አነስተኛ የወንበርና ጠረጴዛ ወርክሾፕ አለኝ። ላንድ መስሪያ ቤት ወንበር አቅርቤ ግማሹን ከፈሉኝ፣ ቀሪውን ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ አስገባሁ። የመጀመሪያው የት እንደገባ አይታወቅም አሉኝ፣ ሁለተኛውን ደሞ ፋይናንስ ያለችው ልጅ 'እህቴ ጉዳይ የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ሂሳቡም አይገባም፣ አባሪም አልተጠቀሰም፣ አስተካክለሽ አምጪ' ብላ መለሰችልኝ። ብሩን እንዳልከፈሉኝ እነሱም ያውቃሉ። ይሄ ሁሉ ፎርማሊቲ ለምንድነው? የሚያውቅ ይንገረኝ።"

መልስ፦

እህቴ ሰላም። እኔ ስራ የጀመርኩት እዚሁ ሀዋሳ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፣ ከዛ ወደ ፋይናንስ ተዛውሬ ብዙ አመት ሂሳብ ስሰራ ቆየሁ፣ አሁን ደሞ እንዳንቺ ላሉ ወርክሾፖችና ሱቆች ሂሳብ እይዛለሁ። ያንቺን አይነት ደብዳቤ ተቀብዬም አውቃለሁ፣ መልሼም አውቃለሁ፣ ጽፌም አውቃለሁ። ስለዚ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ነገሩ የለፋሽበት ብር ስለሆነ "አሰራሩ ነው" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

"እነሱም ያውቃሉ" ካልሽው ልጀምር። ወንበሩን የተረከበሽ የንብረት ክፍል ሰራተኛ ያውቃል፣ የመጀመሪያውን ክፍያ የሰራችው የሂሳብ ሰራተኛ ታውቃለች፣ ምናልባት ሀላፊውም ያስታውስሽ ይሆናል። መስሪያ ቤቱ ግን እንደ ሰው አያስታውስም፣ የሚያውቀው ፋይል ውስጥ ያለውን ወረቀት ብቻ ነው። ሰራተኛዋ ወሊድ ትወጣለች፣ ሰውየው ይዛወራል፣ ሀላፊው ይቀየራል። እኛ ከተማ ውስጥ ደሞ ይሄን በደንብ አይተነዋል፣ 2012 ላይ ሲዳማ ክልል ሲሆን፣ ከዛ 2015 መጨረሻ ላይ የቀድሞው ደቡብ ክልል ቀርቶ ደቡብ ኢትዮጵያና ማእከላዊ ኢትዮጵያ ሲቋቋሙ፣ ሀዋሳ የነበሩ የክልል ቢሮዎች ስራቸው ወደነ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭና ሆሳእና ሄደ። ፋይል በካርቶን ታስሮ ከተማ ሲቀይር እዛ ደርሶ የሚፈታው ሰው ያንቺን ፊት አይቶ አያውቅም፣ ወንበሩ ላይ ቢቀመጥም ማን እንደሰራው አያውቅም፣ እጁ ላይ ያለው ወረቀቱ ነው። እና ደብዳቤሽን ስትጽፊ ለሚያውቁሽ ሰዎች እየጻፍሽ እንዳልሆነ አስቢ፣ በጭራሽ አይተውሽ ለማያውቁ ለሶስት አራት ሰዎች ነው የምትጽፊው፣ ልጅቷ የጠየቀችሽ አራት ነገሮችም ለየራሳቸው የሚያገለግሉት ሰው አላቸው።

የመጀመሪያው ሰው መዝገብ ቤት ያለችው ናት። ጠዋት ጠዋት ምናልባት ሰላሳ አርባ ደብዳቤ ይገባላታል፣ ሁሉንም አንብባ አትጨርስም፣ ማንበብም ስራዋ አይደለም። የምታየው ከማን እንደመጣ፣ ቀኑን፣ ቁጥሩንና "ጉዳዩ" የሚለውን መስመር ነው። ከዛ የገቢ መዝገብ ላይ ተራ ቁጥር ሰጥታ እነዚህኑ ትገለብጣለች፣ ማህተም ትመታለች፣ ለሀላፊው ታስገባለች። ሀላፊውም በብዛት ጉዳዩን አይቶ ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ "ለፋይናንስ" ወይ "ለግዢ" ወይ "ለህግ" ብሎ ይመራዋል። ጉዳዩ ከሌለ ወይ ደብዛዛ ከሆነ ደብዳቤው የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው ግምት ይሆናል ማለት ነው።

ይሄን በምሳሌ ላሳይሽ፣ ምሳሌውንም እስከመጨረሻው እጠቀምበታለሁ። 2015 ላይ አቶቴ አካባቢ ወርክሾፕ ያለው አንድ ደንበኛዬ ልክ እንዳንቺ ላንድ መስሪያ ቤት ወንበር አቅርቦ ቀሪ ክፍያ ቀረበት። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ራሱ የጻፈው ደብዳቤ ጉዳዩ "ትብብር ስለመጠየቅ" ይላል። ሰውየው ትሁት ስለሆነ "ክፈሉኝ" ማለት ነውር መሰለው፣ ትብብር ብሎ ጻፈ። መዝገብ ቤት ያለው ሰው ትብብር ሲያይ እንደ ማንኛውም የእርዳታና የስፖንሰር ጥያቄ ቆጠረው፣ እንደዛ ያሉ ደብዳቤዎች የሚገቡበት ማህደር ውስጥ አስገባው፣ እዛ ውስጥ ደሞ የበአል ዝግጅት ድጋፍ፣ የእግር ኳስ ቡድን ማልያ፣ የመሳሰሉት ናቸው ያሉት። ሶስት ወር ሙሉ ፋይናንስ ሄዶ ሲጠይቅ "እኛ ጋ አልደረሰም" ይሉታል፣ እውነታቸውን ነው አልደረሰም። ደብዳቤው አልጠፋም፣ ያለ ቦታው ነው የገባው። ያንቺም የመጀመሪያው "የት እንደገባ አይታወቅም" የተባለው እንደዚ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ የምትጠይቂው የገቢ መዝገቡን ገልብጠው እንዲያዩልሽ ነው፣ ያስገባሽበትን ቀን ካስታወስሽ መስመሩ ይገኛል።

ጉዳዩ ላይ "ክፍያን ይመለከታል" ማለትም አይበቃም። ፋይናንስ ውስጥ ክፍያን የማይመለከት ምን አለ። እኔ የማስጽፈው እንዲህ ነው፣ "ጉዳዩ፦ በ03/02/2015 ዓ.ም በተፈረመው የወንበር አቅርቦት ውል መሰረት ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ ብር 90,000.00 እንዲከፈለን ስለመጠየቅ"። ረዘመ አትበይ፣ ሀላፊው ይቺን አንድ መስመር አንብቦ ብቻ ለማን እንደሚመራው ያውቃል፣ ፋይናንስ ያለችውም የትኛውን ማህደር እንደምታወጣ ታውቃለች። አንድ ደብዳቤ ላይ ደሞ ሁለት ጉዳይ አታስገቢ። ቀሪ ክፍያና የውል ማስከበሪያ ዋስትና እንዲለቀቅልሽ አንድ ላይ ብትጠይቂ ሀላፊው ላንድ ክፍል ይመራዋል፣ ያ ክፍል የራሱን ግማሽ ይሰራና ወረቀቱን ፋይል ያደርገዋል፣ ሌላው ግማሽ ማንም ሳያየው ይቀራል። ሁለት ጉዳይ ሁለት ደብዳቤ ነው።

ቁጥሩን በተመለከተ አጠር ላድርገው። ብዙ ሰው ቁጥር የመንግስት መስሪያ ቤት ነገር ይመስለዋል፣ የግል ወርክሾፕም የራሱን ቁጥር መስጠት ይችላል፣ መስጠትም አለበት። አንድ ደብተር ግዢ፣ "የወጪ ደብዳቤ" ብለሽ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ ብለሽ አስምሪው፣ ከዛ የደብዳቤሽ ቁጥር ለምሳሌ ወን/014/2015 ይሆናል፣ የድርጅትሽ ምልክት፣ ተራ ቁጥሩ፣ አመቱ። ጥቅሙ ምንድነው ካልሽ፣ እነሱ ሲመልሱልሽ "በቁጥር ወን/014/2015 በቀን 22/09/2015 ዓ.ም በጻፉልን ደብዳቤ..." ብለው ነው የሚጀምሩት፣ ያኔ ያንቺ ጥያቄና የነሱ መልስ ተሳስሮ ይቀራል፣ ማንም መሀሉ ገብቶ "ይሄ መልስ ለሌላ ጥያቄ ነው" ሊል አይችልም። ቁጥር ከሌለው ግን ሁለት ደብዳቤ አስገብተሽ አንዱ 92 ሺ ሌላው 90 ሺ ቢል የቱን እንደመለሱልሽ በምን ታውቂያለሽ? ድጋሚ ስትጽፊ አዲስ ቁጥር ስጪው፣ የድሮውን አትድገሚ፣ ግን የድሮውን ውስጡ ጥቀሺ። የነሱን ቁጥርም እንደዛው፣ የግዢ ትእዛዝ ወይ ውሉን የላኩበት ደብዳቤ ቁጥር ካለሽ ጻፊው፣ ማህደሩን የሚያወጣው እሱ ነው። ሌላው ቁጥር ደሞ መዝገብ ቤት ሲቀበሉሽ የሚሰጡት የገቢ ቁጥር ነው፣ እሱን ያንቺ ኮፒ ላይ ማህተም አስመትተሽ ቀኑንና ቁጥሩን አስጽፈሽ ያዢ። ፋይናንስ በር ላይ ቆመሽ "ደብዳቤ አስገብቼ ነበር" ከማለትና "የገቢ ቁጥራችሁ ይሄ ነው፣ በዚህ ቀን ገብቷል" ከማለት የቱ ቶሎ ፋይል እንደሚያስወጣ እኔ በር ውስጥም ሆኜ በር ላይም ሆኜ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ሂሳቡ። ልጅቷ "ሂሳቡም አይገባም" ያለችሽ እዚ ላይ ነው፣ ብዙ ደብዳቤ የሚመለሰውም በዚህ ነው። ያ ደንበኛዬ የመጀመሪያው አልደረሰም ሲሉት ድጋሚ ለፋይናንስ ያስገባው ደብዳቤ ላይ የጻፈው "ከጠቅላላ ክፍያ የቀረኝ ብር 92,400 እንዲከፈለኝ" የሚል ነበር። ፋይናንስ ያለችው ሌጀሩ ላይ፣ ማለትም የሂሳብ መዝገቧ ላይ ስታይ ቀሪው 90,000 ነው። እሱ በነሱ ተናዷል፣ እነሱ እሱ ጨምሮ የጻፈ መስሏቸዋል፣ ግን የዋሸ የለም። ምን እንደሆነ ልንገርሽ። (ቁጥሩ እንዳይበዛብሽ ቫትና ተርን ኦቨር ታክስን ምሳሌው ውስጥ አላስገባሁም።)

ውሉ 210 ወንበር አንዱ በ1,000 ብር፣ ጠቅላላ 210,000 ብር ነበር። ጥቅምት 18 ቀን 2015 ላይ 120 ወንበር አስረከበ፣ ህዳር 23 ቀን 2015 ላይ ደሞ የቀረውን 90 ወንበር አስረከበ። ጥር 12 ላይ በባንክ ገባለት፣ የገባው 117,600 ብር ነው። እሱ ቀላል ሂሳብ ነው የሰራው፣ 210,000 ሲቀነስ 117,600 እኩል ይሆናል 92,400። ግን መስሪያ ቤቱ የከፈለው የመጀመሪያውን ርክክብ 120,000 ሙሉውን ነው፣ ከሱ ላይ ያኔ በነበረው ተመን 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ ማለትም 2,400 ብር ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው በሱ ስም ገቢ አደረገ። ያ 2,400 ብር አልቀረም፣ ተከፍሏል፣ አመታዊ ግብሩን ሲያሳውቅ የሚታሰብለት ቅድመ ክፍያ ነው፣ ደረሰኙን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከትቶታል። ስለዚህ ያልተከፈለው የሁለተኛው ርክክብ 90,000 ነው፣ ከሱም 1,800 ዊዝሆልዲንግ ተቀንሶ ባንክ የሚገባለት 88,200 ይሆናል።

አየሽ፣ "ቀሪ ሂሳቤ" ብለሽ አንድ ቁጥር ብቻ ከጻፍሽ ሂሳብ ሰራተኛዋ ያንቺን ቁጥር ከየት እንዳመጣሽው አታውቅም፣ የሷ ካልተመሳሰለ ደሞ ክፍያ ማዘጋጀት አትችልም፣ ምክንያቱም ፈርማበት ከሰነዱ በላይ ከፍላ ብትገኝ ኦዲተር ሲመጣ ተጠያቂዋ እሷ ናት፣ ከደሞዟ ሊቆረጥም ይችላል። ስለዚ ትመልሰዋለች። ግን እያንዳንዱን ቁጥር ከቀኑ ጋር ብትጽፊላት፣ በዚህ ቀን ይሄን ያህል አስረከብኩ፣ በዚህ ቀን ይሄን ያህል ተከፈለኝ፣ ከሱ ላይ ይሄን ያህል ዊዝሆልዲንግ ተቀነሰ ብትይ፣ ሌጀሯን ከፍታ በቀኑ እያመሳከረች ምልክት ታደርጋለች፣ ልዩነት ካለም የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ በአስር ደቂቃ ታገኘዋለች። ቀን የሌለው የብር መጠን የሚመሳከርበት ነገር የለውም፣ ሌጀሩ የተደረደረው በቀን ነው። ዊዝሆልዲንጉን ግን ደብዳቤውን በምትጽፊበት ወቅት ሳይሆን ክፍያው በተፈጸመበት ወቅት በነበረው ተመን ነው የምታሳዪው፣ ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ገልብጪው፣ ራስሽ አትሰይው።

ቀኑ ላይ የኛ ሀገር የራሱ ጣጣ አለው። ደብዳቤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጽፋለን፣ የባንክ ስቴትመንት ደሞ በፈረንጅ ነው የሚወጣው። ጥር 12 ቀን 2015 ስቴትመንቱ ላይ 20/01/2023 ተብሎ ነው ያለው። ያ ደንበኛዬ ደብዳቤው ላይ 12/05/2015 ብሎ ነበር የጻፈው፣ እሱ ጥር ማለቱ ነው፣ ግን ከስቴትመንቱ ጋር ይዞ ለሚያየው ሰው ሜይ 12 ይመስላል፣ አመቱም 2015 በፈረንጅ ከሆነ ወንበሩ ገና አልተሰራም። ስለዚ ክፍያው በባንክ ከሆነ ሁለቱንም ጻፊ፣ "ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም (በባንክ ስቴትመንት 20/01/2023 እ.ኤ.አ)"። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ነው የሚሻለው፣ ጥር ካልሽ ማንም አይሳሳትም። የብሩን መጠንም በአሀዝና በፊደል፣ ይሄንን ታውቂዋለሽ ቼክ ላይ እንደምናደርገው ነው።

ቀን ያለው ሂሳብ ሌላም ነገር ያደርጋል፣ በየትኛው የበጀት አመት እንደሆነ ያሳያል። የመንግስት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። እቃው በበጀት አመቱ ውስጥ ገብቶ ክፍያው ካልተፈጸመ ከመዘጋቱ በፊት ተከፋይ ተብሎ መመዝገብ አለበት፣ ካልተመዘገበ በሚቀጥለው አመት በጀት ውስጥ ላንቺ የተያዘ ብር አይኖርም፣ ያኔ ሰራተኛዋ ብትፈልግም የምትከፍልበት የለም፣ አዲስ ማስፈቀድ ይመጣል። ያኛውን ደብዳቤ ግንቦት 22 ላይ ያስገባነው ለዛ ነው፣ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛቸው ላይ እንዲሆን። ሰኔ መጨረሻ ላይ ፋይናንስ ክፍል ሄደሽ ካየሽ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሻል፣ ወለሉ ላይ ሳይቀር ፋይል ነው።

አሁን አባሪ። እዚ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሰነዱን አያይዞ ዝርዝሩን አለመጻፍ ነው፣ "ተያይዟል" ብሎ ይተወዋል። ምን ተያይዟል? ስንት ገጽ? ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወደ ሀላፊ፣ ከሀላፊ ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ንብረት ክፍል ለማጣራት፣ ተመልሶ ወደ ፋይናንስ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ስቴፕለሩ ይለቃል፣ አንዱ ኮፒ ለማድረግ ይፈታዋል፣ አንዷ ወረቀት ከሌላ ፋይል ጋር ትሄዳለች። ከዛ የመጨረሻዋ ሰራተኛ "የርክክብ ሰነድ የለውም" ብላ ትመልሰዋለች፣ አንቺ "አያይዤ ነበር" ትያለሽ፣ ሁለታችሁም እውነት ነው፣ የሚፈታው ነገር የለም። ደብዳቤው ግርጌ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰነድ በስሙ፣ በቁጥሩና በገጹ ብዛት ተጽፎ መዝገብ ቤትም ማህተም ስትመታ "ከ6 ገጽ አባሪ ጋር" ብላ ብትጽፍልሽ፣ ስድስቱም መግባታቸው የተረጋገጠ ነው፣ ከጠፋ የጠፋው እነሱ ጋ ነው፣ አንቺ ኮፒውን ትሰጫለሽ እንጂ ጥያቄሽ ተሟልቶ አልገባም አትባይም።

ምን ምን ይያያዛል ካልሽ፣ ለዚህ አይነቱ ጉዳይ ዋናው ሞዴል 19 ነው። ንብረት ክፍል እቃ ሲረከብ የሚቆርጠው ደረሰኝ ማለት ነው፣ እቃው መስሪያ ቤቱ እጅ መግባቱን የሚያሳየው እሱ ነው፣ ያለሱ ውል ቢኖርሽም ማስረከብሽ አይታወቅም። ውሉን በዚህ እኩል አትይው፣ ውል የሚያሳየው ልትሰጪ መስማማትሽን ነው፣ መስጠትሽን አይደለም። ደንበኛዬ መጀመሪያ ውሉን ብቻ ነበር ያያያዘው፣ ለሁለተኛው ርክክብ የተቆረጠውን ሞዴል 19 ፈልገን ያገኘነው ወርክሾፑ ውስጥ የቀለም ቆርቆሮ ስር ነው። ከሱ በተጨማሪ ለሁለተኛው ርክክብ የቆረጥሽው የሽያጭ ደረሰኝ፣ የመጀመሪያው ክፍያ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ፣ ብሩ የገባበት የባንክ ስቴትመንት ገጽ ይበቃል። ሁሉንም በኮፒ፣ ዋናውን እጅሽ ላይ አስቀሪ፣ ዋናውን ለማየት ከፈለጉ ይዘሽ ሄደሽ አሳይተሽ መልሰሽ ያዢ። የሽያጭ ደረሰኙ ዋናው ግን እነሱ ጋ መሆን ያለበት ነው፣ ለክፍያው ደጋፊ ሰነድ ስለሆነ፣ ቀድመሽ ሰጥተሽ ከሆነ ደብዳቤው ላይ "ዋናው በእለቱ ተሰጥቷል" በይ።

በመጨረሻ ያስገባነው ደብዳቤ ስሞቹ ወጥተው ይሄን ይመስላል፣ ቁጥሮቹን በራስሽ ቀይሪ፦

ቀን፦ 22/09/2015 ዓ.ም
ቁጥር፦ ወን/014/2015

ለ፦ (የመስሪያ ቤቱ ስም)
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ በ03/02/2015 ዓ.ም በተፈረመው የወንበር አቅርቦት ውል መሰረት ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ ብር 90,000.00 እንዲከፈለን ስለመጠየቅ

ከላይ በጉዳዩ በተጠቀሰው ውል መሰረት ድርጅታችን ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም 120 ወንበር (ብር 120,000.00) እና ህዳር 23 ቀን 2015 ዓ.ም 90 ወንበር (ብር 90,000.00) አስረክቧል። ለመጀመሪያው ርክክብ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም (በባንክ ስቴትመንት 20/01/2023 እ.ኤ.አ) ከዊዝሆልዲንግ ብር 2,400.00 ተቀናሽ በኋላ ብር 117,600.00 ተከፍሎናል። ለሁለተኛው ርክክብ ግን ብር 90,000.00 (ዘጠና ሺህ ብር) እስከዛሬ አልተከፈለንም። ስለሆነም ህጋዊው ተቀናሽ ተነስቶ ቀሪው ሂሳብ ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ እንዲከፈለን፣ ሂሳቡ ላይ ልዩነት ካለም በጽሁፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ማህተም)

አባሪ፦ ውል ኮፒ 2 ገጽ፣ ሞዴል 19 የሁለተኛው ርክክብ ኮፒ 1 ገጽ፣ የሽያጭ ደረሰኝ ኮፒ 1 ገጽ፣ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ኮፒ 1 ገጽ፣ የባንክ ስቴትመንት 1 ገጽ። ጠቅላላ 6 ገጽ።

እዚ ላይ "15 ቀን" እና "ልዩነት ካለ በጽሁፍ" ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ህጋችን የ1952ቱ አንቀጽ 1772 ላይ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት መጀመሪያ እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለብሽ ይላል፣ አንቀጽ 1803 ደሞ ገንዘብ ለመክፈል የዘገየ ሰው ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ህጋዊ ወለድ እንደሚከፍል ይላል፣ ወለዱ አንቀጽ 1751 ላይ ባመት 9 በመቶ ነው። በ90,000 ላይ ባመት 8,100፣ በወር 675 ብር ማለት ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው "መቼ ጠየቅሽ? ስንት ጠየቅሽ? መድረሱን በምን ታሳያለሽ?" ነው፣ ሶስቱንም የሚመልሰው ኮፒሽ ላይ ያለው ቀን፣ የብር መጠንና የመዝገብ ቤቱ ማህተም ነው። ቀን የሌለው፣ መጠኑ የማይታወቅ ደብዳቤ ጠየቅሽ ከማለት በቀር ወለድ ከመቼ እንደሚቆጠር አያሳይም። የውልሽ ውስጥ ስለ ክፍያ መዘግየት የተለየ አንቀጽ ካለ ግን መጀመሪያ እሱን እዪ።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቺ፣ ደብዳቤ ስለጻፍሽ ብቻ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ፣ አይቋረጥም። የውል ጥያቄ በመርህ 10 አመት ነው፣ አንቀጽ 1845፣ አንቀጽ 1851 ላይ ደሞ የሚቋረጠው ባለእዳው እዳውን ሲያምን ወይ አንቺ ክስ ስትመሰርቺ ነው። በጽሁፍ መልስ እንዲሰጡሽ የምትጠይቂው ለዚህም ነው፣ "በቁጥር ወን/014/2015 የጠየቁት ብር 90,000 በሂደት ላይ ነው" ብለው ማህተም አርገው ከመለሱልሽ እዳውን አመኑ ማለት ነው። በስልክ "እሺ ይከፈልሻል" ቢሉሽ ግን የሚያዝ ነገር የለሽም።

ደብዳቤ የማይፈታውም አለ። በጀቱ ካለቀ የቱንም ያህል አሳምረሽ ብትጽፊ ዛሬ ብር አይወጣም፣ ግን ተከፋይ ሆነሽ መመዝገብሽን ማረጋገጥ ትችያለሽ። ወንበሩ ጥራት ላይ ቅሬታ ካላቸውም ሂሳቡ ትክክል ቢሆንም ሞዴል 19 አይቆረጥልሽም ወይ ክፍያው ይያዛል፣ ያኔ የምትጽፊው ሌላ ደብዳቤ ነው፣ ጉዳዩም ሌላ ነው።

ያኛው ደንበኛዬ ሰኔ 19 ላይ 88,200 ብር ባንክ ገባለት፣ የ1,800 ዊዝሆልዲንግ ደረሰኙንም ሄዶ ወሰደ። መጀመሪያ የጻፈው የትብብር ደብዳቤ እስከዛሬ ማልያ ከሚጠይቁት ጋር ያ ማህደር ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

አንቺ አሁን ነገ ጠዋት የምታደርጊው፣ የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ኮፒ ላይ ማህተም አስመትተሽ ከሆነ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን አዲሱ ደብዳቤ ላይ "በዚህ ቁጥር ገቢ የተደረገውን ደብዳቤያችንን በመጥቀስ" ብለሽ አስገቢው፣ እንደዛ ካደረግሽ የመጀመሪያው ቀን አይጠፋብሽም። ማህተም ካላስመታሽ ደሞ አትጥቀሺው፣ የማታሳዪውን መጥቀስ ክርክር ነው የሚያመጣው። የርክክብሽ ሞዴል 19 ስንት እንደሆነና የከፈሉሽ ከዊዝሆልዲንግ በፊት ስንት እንደሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ሂሳቡን አብረን እናየዋለን።